በሦስተኛው ቀን የሚወጣው ሽፍታ

ጢሙ የተጠቀለለ ሰው ተላጭቶ በወጣበት ዕለት ፊቱ ልስልስ ያለ ነው። ማግስቱንም ደህና ይውላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን አገጩ ሥርና አንገቱ ላይ ሽፍ ይልበታል። አንዱ እብጠት ያሳክካል፣ ሌላው መግል ይቋጥራል፣ ሲከስም ደግሞ ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ይህን ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው የመላጫ ክሬሙን ነው። «አልተስማማኝም» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሁለተኛውም ካልሆነ ውድ የተባለውን ይሞክራል። ሽፍታው ግን ይመላለሳል፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ቀን የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የክሬም ሳይሆን የምላጭ ሥራ ነው።

ክሬም፣ ሽቶ ወይም አልኮል ያለበት አፍተርሼቭ ቆዳን ሲያስቆጣ የሚታወቀው ቶሎ ነው። ፊት ወዲያው ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይቆጠቁጣል፣ ይቀላል፣ ከዚያም በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል። አለርጂ ከሆነ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን ክሬሙ የነካውን ቦታ ሁሉ፣ ምላጭ ያልደረሰበትን ጭምር፣ አዳርሶ ያሳክካል። የምላጩ እብጠት እንዲህ አይሰራጭም። አንድ አንድ እያለ ጢም ባለበት ብቻ ይወጣል፣ አንገት ላይ ይበረታል፣ ጠጋ ብለው በመስታወት ቢያዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጡ የታጠፈ ጥቁር ፀጉር ይታያል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን መለየት ያስፈልጋል።

ስትራውስና ክሊግማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለዚሁ ችግር ባሳተሙት ጽሑፍ እብጠቱ የሚጀምረው ከተህዋሲያን ሳይሆን ከፀጉሩ ከራሱ መሆኑን አስረድተዋል። የተጠቀለለ ፀጉር ከቆዳ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ነው። ምላጭ ደግሞ ጫፉን እንደ መርፌ ሹል አድርጎ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ፀጉሩ ትንሽ ካደገ በኋላ ዞሮ በወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ቆዳውን ወግቶ ይገባል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ፀጉሩ ከቆዳው ወለል በታች ከተቆረጠ መውጫ ሳያገኝ የቀዳዳውን ግድግዳ ከውስጥ ይወጋል። በሁለቱም መንገድ ሰውነት የገዛ ፀጉሩን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ያብጣል። ይህ እስኪሆን ቀናት ስለሚወስድ ነው ጥፋተኛው የማይታወቀው።

ከዚህ ተነስተን ስለ ምላጭ ማሰብ ይቀላል። የምንፈልገው ፀጉሩን ከሥሩ የሚያጠፋ ምላጭ ሳይሆን ጥቂት ከቆዳ በላይ የሚተው ነው። ገበያው ደግሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ጂሌት ባለሁለት ምላጩን በ1971 ካወጣ በኋላ ሦስት፣ ከዚያም አምስት ስለት ያላቸው መጡ። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ተመልሶ ሳይገባ የኋለኛው ይደርስና ይቆርጠዋል፣ የቀረው ጫፍም ከቆዳ በታች ሸሽቶ ይቀመጣል። ቀጥ ያለ ፀጉር ላለው ሰው ይህ የተመኘው ልስላሴ ነው። ለተጠቀለለ ጢም ግን ያ የተሸሸገ ጫፍ የነገው እብጠት ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ሽፍታ የሚያስቸግረው ሰው በመጀመሪያ ሊተወው የሚገባው ባለብዙ ስለቱን መላጫ ነው፤ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ቢያማልል።

በምትኩ ከሁሉ አስተማማኙ ቶንዶስ ነው። ፀጉሩን ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር አስቀርቶ ስለሚቆርጥ ጫፉ ቆዳ ውስጥ አይገባም። ሲገዙ ወይም ፀጉር ቤት ሲቀመጡ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቁጥር አንድ የሚባለው ማበጠሪያ ሦስት ሚሊሜትር፣ ግማሽ የሚባለው ደግሞ አንድ ተኩል ሚሊሜትር ያህል እንደሚያስቀር ነው። ያለ ማበጠሪያ የሚሠራው ጢሙን በጣም ያሳጥራል፤ ስለቱ ተጠግቶ የተስተካከለ ቀጭን የጠርዝ ማውጫ ማሽን ደግሞ ከምላጭ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ማሽኑን ቆዳ ላይ ሳይጫኑ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው።

ሥራው ወይም ደንቡ የግድ ተላጭተህ ግባ ለሚለው ሰው ሁለተኛው ምርጫ ባለአንድ ስለት መላጫ ነው። ከየሱቁ የሚገዛው በሁለት በኩል ስለታም የሆነው ምላጭ በመያዣው ላይ ሲገባ ቆዳን የሚነካው አንድ ጠርዝ ብቻ ስለሆነ ከዚህ ይመደባል። ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ለመቀየር አያሳስትም። ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች በስለቶቹ መካከል ቆዳን የሚያርቅ መከላከያ ያላቸውን መላጫዎችም ያገኛሉ፤ የጂሌት ስኪንጋርድ እንዲህ ያለ ነው፣ በምላጩ ላይ ስስ ብረት ለብሶ የሚሸጠው በምፕ ፋይተርም እንዲሁ።

ነገር ግን ባለአንድ ስለቱም ቢሆን በክፉ እጅ ያው ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ የተለመደውን እናስብ። አስተካካዩ ጉንጭን በጣቱ ወጥሮ፣ መጀመሪያ ቁልቁል፣ ከዚያ ሽቅብ፣ እንደገና በባዶ ቆዳ ላይ ይላጫል። ደንበኛው እጁን ሲያሳልፍ ምንም እንዳይሻክረው ነው ጥረቱ። ቆዳ ሲወጠር ግን ፀጉሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲለቀቅ ደግሞ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ባለብዙ ስለቱ የሚሠራውን ጣቱ ሠራው ማለት ነው። ሽቅብ መላጨትም ጫፉን የባሰ ሹል ያደርገዋል። ስለዚህ ለአስተካካይዎ «አትወጥረው፣ አንዴ ብቻ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ላጨኝ፣ ትንሽ ቢሻክርም ግድ የለኝም» ማለት ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል። ምላጩም በፊትዎ አዲስ ተቀድዶ ይውጣ፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ጉዳይ ነውና። ቤት ውስጥ የሚላጭ ሰው ምላጩ መሳብ ሲጀምር ይጣለው፤ የደነዘዘ ስለት አንድ ቦታ ደጋግሞ ያስኬዳል።

ታዲያ ክሬም ምን ይሠራል? ሽፍታ አያድንም፤ ምላጩ በቀላሉ እንዲያልፍ ያደርጋል። ደረቅ ጢም ለመቁረጥ ጉልበት ይጠይቃል፣ ውኃ የጠጣ ግን በጣም ይለሰልሳል። ይህ የሚሆነው በለብ ያለ ውኃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲርስ ነው፤ ክሬሙ ያን እርጥበት ይዞ ያቆያል። ስለዚህ ተቀብቶ ወዲያው መላጨት የክሬሙን ግማሽ ጥቅም መጣል ነው። ምርጫውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ግሊሰሪን ያለው፣ ሽቶ የሌለው፣ ሜንቶል ወይም አልኮል ያልገባበት ክሬም ወይም ጄል ይበቃል። በጣሳ የሚነፋው ፎም አየር የበዛበትና ቶሎ የሚደርቅ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ወፍራሙን ክሬም እመርጣለሁ። ተላጭቶ ሲያበቃ የሚያቃጥል አፍተርሼቭ መርጨት ጢሙ እንዳይገባ አያግድም፤ ቀዝቃዛ ውኃና ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ይሻላል። ጂላይኮሊክ አሲድ ያለው ቅባት ግን በቀስታ የተጠቀሙበትን ሊረዳ እንደሚችል በጥናት ታይቷል።

ያለ ምላጭ ጢም የሚያነሳ ዱቄትና ክሬምም አለ። በተለይ በአሜሪካ በጥቁር ወንዶች ዘንድ የታወቀው ማጂክ ሼቭ ዱቄት ባሪየም ሰልፋይድ የተባለ ኬሚካል አለበት፤ ሌሎቹ ካልሲየም ታዮግሊኮሌት ይይዛሉ። ፀጉሩን አቅልጠው ስለሚያነሱት ጫፉ ሹል አይሆንም። ጥሩነታቸው ይኸው ነው። ጉዳታቸው ደግሞ ቆዳም እንደ ፀጉር ስለሚጎዳ ነው፤ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ካለፈ ያቃጥላል። መጀመሪያ ክንድ ላይ መሞከር፣ ያበጠ ወይም የቆሰለ ፊት ላይ አለመቀባት፣ ቶሎ ቶሎም አለመደጋገም ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ሰው እናስብ። ባንክ ይሠራል፣ ሁልጊዜ ተላጭቶ መታየት አለበት፣ አንገቱ ግን በሽፍታ ተሞልቷል። በዚህ ላይ አዲስ ምላጭ ቢሞክር የቱ እንደረዳው አያውቅም። ስለዚህ በፈቃድ ወይም በሐኪም ወረቀት አራት ሳምንት ያህል ምላጭ ሳይነካ ይቆያል። ጢም በወር አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ያድጋል፤ ያን ያህል ሲረዝም ቆዳ ውስጥ የታጠፈው ብዙው ፀጉር በራሱ ተስቦ ይወጣል። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ እብጠቱ የባሰ ሊመስል ይችላል፤ ያኔ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ያልወጣውን ፀጉር በንጹሕ መርፌ ጫፉን ብቻ ቀና ያደርጋል እንጂ አይነቅልም፤ የተነቀለ ፀጉር ከሥር ሲመለስ ከውስጥ ሊወጋ ይችላልና።

ከዚያ የሁለት ቀን ጢም ላይ ጣቱን እያሳለፈ ፀጉሩ ወዴት እንደተኛ ያጠናል። አንገት ላይ አቅጣጫው ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ያገኛል። ቀጥሎ ፊቱን ለሁለት ይከፍላል፦ ቀኙን በቶንዶስ፣ ግራውን በባለአንድ ስለት፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ክሬም። ለሦስት ሳምንት እንዲህ ያደርግና ሁልጊዜ በሦስተኛው ቀን እብጠቶቹን ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጉንጭ ምላጩን ሲችል አንገት ሳይችል ሲቀር ነው፤ እንዲህ ከሆነ ጉንጩን በምላጭ፣ አንገቱን በቶንዶስ ማድረግ ይችላል። ስለ ክሬም መጠራጠር ተገቢ የሚሆነው ግራና ቀኝ እኩል በዕለቱ ካቃጠለው ብቻ ነው። በየቀኑ መላጨት በራሱ ችግሩን ያባብሳል የሚለውም እምነት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ በጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት በየቀኑ መላጨት እንዳላባባሰው አሳይቷል። ከብዛቱ ይልቅ አላላጩ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እብጠቱ መግል ካበዛ፣ ጠባሳው ካበጠ ወይም ክብ ሆኖ እየሰፋ ከላላ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ፈንገስም ሆነ ሌላ የተህዋስያን ሕመም ተመሳስሎ ሊመጣ ይችላል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ፊት ላይ መቀባት ግን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው፤ ለጥቂት ቀን ቅላቱን ያጠፋዋል፣ በኋላ ቆዳን አሳስቶ ሌላ ሽፍታ ያመጣል። ሌዘር የሚያስብ ሰው ደግሞ ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው የ1064 ናኖሜትር ኤንዲያግ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ሌሎቹ ቆዳውን ሊያቃጥሉና ሊያበልዙት ይችላሉ።