ፒክ ፍሎ ሜትር፦ የሌሊቱን ሕመም ለቀን የሚናገር ቱቦ

አስም ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ ይሻለዋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሳል ቀስቅሶት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ ሲያጥረው ያድራል። ነግቶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ተራውን ጠብቆ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ግን ቀኑ ረፍዷል። ሐኪሙ ደረቱን ቢያዳምጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ አይሰማም። ሕመምተኛው ዋሽቶ፣ ሐኪሙም ተሳስቶ አይደለም። አስም የሚታወቀው በመለዋወጡ ስለሆነ፣ የመተንፈሻ ቱቦው ሌሊት ጠብቦ ቀን ይከፈታል። ይህን መለዋወጥ ቤት ተቀምጦ በቁጥር ለመያዝ የሚያስችለው ፒክ ፍሎ ሜትር የሚባል፣ ባትሪ እንኳ የማይፈልግ የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

የመጀመሪያውን ፒክ ፍሎ ሜትር የሠራው ማርቲን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ መሣሪያው ለሕክምናው ዓለም የተዋወቀው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ትልቅና ከባድ ነበር። በ1970ዎቹ ግን ሕመምተኛው በእጁ ይዞት የሚሄደው ትንሹ ዓይነት ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። አፍ ውስጥ የሚገባ ጫፍ፣ ውስጡ በስፕሪንግ የተያዘ ክዳን መሳይ ነገር፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ቁጥርና ቀስት አለው። ሰው ሲነፋበት አየሩ ክዳኑን ይገፋል፤ ክዳኑም ቀስቱን ወደ ፊት ይነዳል። ክዳኑ በስፕሪንጉ ተስቦ ሲመለስ ቀስቱ ግን የደረሰበት ላይ ይቀራል።

ቁጥሩ የሚነበበው በሊትር በደቂቃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግር ይለዋል። 400 ነፋሁ ማለት 400 ሊትር አየር አወጣሁ ማለት አይደለም። የመኪና ፍጥነት መለኪያ ለአፍታ 80 ቢያሳይ መኪናው 80 ኪሎ ሜትር ተጓዘ እንደማይባለው ሁሉ፣ ይህም የሚለካው ፍጥነትን ነው። ሳንባን ሞልቶ በሙሉ ኃይል ሲተነፈስ አየሩ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የሚደርሰው ገና መጀመሪያው ላይ፣ በሰከንድ አሥረኛ ገደማ ውስጥ ነው። ቀስቱ የሚይዘው ያንን ቅጽበት ነው። የመተንፈሻ ቱቦው ሲጠብ ያ ፍጥነት ይወርዳል።

ስለዚህ አነፋፉ እሳት ለማያያዝ እፍ እንደሚባለው ረጅምና ለስላሳ መሆን የለበትም። መጀመሪያ ቀስቱን ወደ ታች መመለስ፣ ቀጥሎ ቆሞ ሳንባ እስኪሞላ አየር መሳብ፣ ከንፈርን በጫፉ ዙሪያ ግጥም አድርጎ በአንድ ጊዜ አጭርና ኃይለኛ ትንፋሽ መልቀቅ ነው። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ የሚመዘገበውም ትልቁ ቁጥር እንጂ አማካዩ አይደለም። ጣት ቀስቱን ከነካው ወይም ምላስ ቀዳዳውን ከዘጋው ቁጥሩ ያንሳል። እንደ መትፋት ወይም እንደ ማሳል አድርጎ የነፋ ሰው ደግሞ ያለአግባብ ትልቅ ቁጥር ያገኛል።

አሁን አንዲት የ34 ዓመት ሴት እናስብ። ሌሊት ሌሊት ያስላታል፣ ቀን ግን ደህና ናት። ሐኪም ቤት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ስትነፋ 430 አመጣች። ለእርሷ ዕድሜና ቁመት ይህ ክፉ ቁጥር አይደለም። በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ብትሸኝ ኖሮ "ምንም የለብሽም" ትባል ነበር። ሐኪሟ ግን መሣሪያውን ሰጥታ ለሁለት ሳምንት ጠዋት እንደተነሣች፣ ማታም ከመተኛቷ በፊት፣ በፓፍ የሚሳበውን መድኃኒት ሳትወስድ እንድትመዘግብ ነገረቻት።

ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 330፣ 350 እና 340 ነፋች፤ የጻፈችው 350 ነው። ማታ የመዘገበችው 430 ሆነ። የሁለቱ ልዩነት 80፣ አማካያቸው 390 ነው። 80ን ለ390 ስናካፍል 20 በመቶ ገደማ ይመጣል። የቀኑ መለዋወጥ የሚባለው ይህ ነው። ሰኞ 410 እና 450 ስለነበር ልዩነቱ 9 በመቶ ብቻ ነበር፤ ዓርብ ደግሞ 330 እና 420 ሆኖ 24 በመቶ ደረሰ። የሰባቱ ቀን ተደምሮ ለሰባት ሲካፈል 18 በመቶ ተኩል ያህል ሆነ። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ በዚህ ስሌት ለአዋቂ ከ10 በመቶ በላይ፣ ለልጅ ከ13 በመቶ በላይ የሆነውን ከመጠን ያለፈ መለዋወጥ ይለዋል። ሌሎች መመሪያዎች ከፍ ያለ ወሰን ይጠቀማሉ።

ቁጥሮቹ በወረቀት ላይ በነጥብ ተቀምጠው በመስመር ሲያያዙ ደግሞ የመጋዝ ጥርስ ይመስላሉ፦ ጠዋት ወደ ታች፣ ማታ ወደ ላይ። የጤነኛ ሰው ቱቦም ወደ ንጋት ሲል በመጠኑ ይጠባል፤ አስም ይህን ተፈጥሯዊ ዑደት ያጋንነዋል። ከሲጋራ ብዛት በሚመጣው የሳንባ ሕመም ግን መስመሩ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ቀጥ ያለ ነው። ሴትዮዋ በየቀኑ የሚሳብ ስቴሮይድ ተጀምሮላት ከሳምንታት በኋላ ስትመዘግብ ጠዋት 440፣ ማታ 460 ሆነ። የማታው ብዙም አልጨመረም፤ ጥርሱ ግን ጠፍቷል።

መዝገቡ የሚያታልልባቸው መንገዶችም አሉ። አንዳንዱ ሳይነፋ ይከርምና በቀጠሮው ዋዜማ ሁለቱን ሳምንት በአንድ ቁጭታ ይሞላል። በአንድ ብዕር የተጻፉ፣ ሁሉም በ00 የሚያልቁ ቁጥሮች ይህን ያሳብቃሉ። መሣሪያ መቀየርም መስመሩን ሊያዘልለው ይችላል። ለደጋ ነዋሪ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ዱባይ የወረደ ሰው የመተንፈሻ ቱቦው ሳይሻለው ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ራስን ለሌላ አገር ሰው ከተሠራ ሠንጠረዥ ጋር ከማነጻጸር ይልቅ፣ ደህና በነበሩበት ጊዜ በዚያው መሣሪያና በዚያው ቦታ ካገኙት የራስ ከፍተኛ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

መሣሪያው የማይነግረንም አለ። የመተንፈሻ ቱቦው መጥበቡን እንጂ ለምን እንደጠበበ አያውቅም፤ ትንንሾቹን የሳንባ ቱቦዎችም በደንብ አያይም። ሳይበረቱ የነፉበት ቁጥር ደግሞ ከሕመም ቁጥር አይለይም።

ቁጥርዎ ከራስዎ ከፍተኛ ከግማሽ በታች ከወረደ ነገ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ማስታገሻውን ፓፍ ወስደው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። መናገር ካቃተዎት ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ለመለካት እንኳ አይቁሙ። በሌላው ቀን ግን ይለኩ፣ ይጻፉ፣ ወረቀቱንም ይዘው ይቅረቡ፤ ረፋድ ላይ ለሚያገኝዎት ሐኪም የሌሊቱን የሚነግርልዎት እርሱ ነው።