ብረት ጠርዙ ከተሸነፈ በኋላ ምን ያህል ይሸከማል?

በ2 ሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ የተጋደመ ድፍን የብረት ቢም እናስብ። ወርዱ 50፣ ቁመቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጭነቱ መካከሉ ላይ ያርፋል። ቢሙ ሲጎብጥ የላይኛው ግማሽ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። ጫናው የሚበረታው ጠርዞቹ ላይ ሲሆን ወደ መሃል ሲጠጋ እየቀነሰ ባዶ ይሆናል።

ብረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር 250 ኒውተን ሲደርስበት ይሸነፋል እንበል። ከዚያ በኋላ ይለጠጣል እንጂ ጫናው አይጨምርም። ጠርዞቹ እዚህ ወሰን ላይ የሚደርሱት ማጉበጫው፣ መሐንዲሶች ሞመንት የሚሉት፣ 20.8 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሲሆን ነው። ጭነቱም 41.7 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ42 ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ ነው።

ቢሙ ግን እዚህ ላይ አላለቀለትም። የተሸነፉት ጠርዞቹ ብቻ ናቸው፤ ውስጡ ገና አቅም አለው። ጭነት ሲጨመር ሽንፈቱ ከላይና ከታች ወደ መሃል ይገባል። ያልተሸነፈው ክፍል ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ሞመንቱ 28.6 ደርሷል። በመጨረሻ የላይኛው ግማሽ በሙሉ በ250 ይጨመቃል፣ የታችኛውም በ250 ይሳባል። እያንዳንዱ ግማሽ 50 በ50 ስለሆነ ኃይሉ 625 ኪሎ ኒውተን ነው፤ በሁለቱ ኃይሎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር። ሲባዙ 31.25 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሰጣሉ። ሙሉ ፕላስቲክ ሞመንት የሚባለው ይህ ነው።

31.25ን ለ20.8 ስናካፍል 1.5 እናገኛለን፤ የቅርጽ ፋክተር ይባላል። ወርድና ቁመቱ ቢቀየርም አራት ማዕዘን እስከሆነ ድረስ ቁጥሩ ያው ነው። ለድፍን ክብ 1.7 ገደማ ሲሆን፣ በህንፃ ላይ ለለመድነው የአይ ቅርጽ ብረት ግን ብዙውን ጊዜ 1.15 አካባቢ ነው። የአይ ብረት ክብደቱን ጠርዞቹ ላይ ስለሚያከማች መሃሉ የሚቆጥበው ትርፍ አቅም ትንሽ ነው። ይህን ልዩነት ሳያዩ 1.5ን ለሁሉም ቢም መጠቀም አደገኛ ነው።

ጭነቱ 62.5 ኪሎ ኒውተን ሲደርስ መካከሉ እንደ ማጠፊያ ይሆናል፤ ጭነት ሳይጨመር ጉብጠቱ ይቀጥላል። የሙከራ ባለሙያ የሚለየውም በዚህ ነው፤ የጭነቱ ንባብ ቆሞ የጉብጠቱ ንባብ ይሮጣል። ከዚያ በፊትም፣ 41.7 ካለፈ በኋላ ጭነቱ ቢነሳ ቢሙ ሙሉ በሙሉ አይቃናም።

ስሌቱ የሚሠራው ብረቱ ሳይሰበር ብዙ መለጠጥ ከቻለ ነው። ቀልጦ የተቀረጸ ተሰባሪ ብረት ይህን አይችልም፤ ጠርዙ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ቀጭንና ረጅም ቢም ደግሞ ወደ ጎን ከተጠማዘዘ 31.25 ላይ ሳይደርስ ይወድቃል፤ ስለዚህ የተጨመቀው ጠርዝ በጎን መደገፉ መረጋገጥ አለበት።