ስለ ገንዘብ በሚጻፍ ደብዳቤ «እኔ» የሚባለው መቼ ነው? «እኛ»ስ?

በንግድ ቤቶች መካከል ከሚመላለሱት ደብዳቤዎች ሁሉ ጸሐፊውን እጅግ የሚያስጨንቀው የገንዘብ መጠየቂያው ነው። ዕቃ የሚታዘዝበት ደብዳቤ ቢያጥር ወይም ቢረዝም ብዙ ጉዳት የለውም። ገንዘብ በሚጠየቅበት ደብዳቤ ግን አንዲት ቃል ብትከር ደንበኛ ታስቀይማለች፤ አንዲት ቃል ብትላላ ደግሞ ገንዘቡን ታዘገያለች። ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ገና ከማሰሪያ አንቀጹ ነው፤ «እጠይቃለሁ» ይባል ወይስ «እንጠይቃለን»?

ለምሳሌ በመርካቶ ቆርቆሮና ምስማር የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ በደሴ ለሚገኝ ባለ ሱቅ የ180,000 ብር ዕቃ በዱቤ ሰጠ እንበል። የክፍያው ቀን ጥቅምት 30 ነበር። ባለ ሱቁ 60,000 ብር ከፍሎ 120,000 ብር ቀረበት፤ ኅዳርም ተጋመሰ። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት የሚተዋወቁ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚጠራሩ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በ«እኔ» ቢጻፍ ይሻላል። ባለ ንብረቱ ራሱ ይጽፈዋል፤ ራሱም ይፈርምበታል። «ከቀረው ሒሳብ 120,000 ብር እስካሁን ስላልደረሰኝ አንዳች ችግር ገጥሞዎት እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለግሁ። እስከ ኅዳር 30 ቀን ምን ያህሉን ሊልኩልኝ እንደሚችሉ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል» ቢል ይበቃል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ በ«እኛ» ቢጻፍ ግን ቃሉ የለሰለሰ ቢሆንም ይቀዘቅዛል። ትናንት አብሮት ቡና ሲጠጣ የነበረው ወዳጁ ዛሬ «ድርጅታችን ያሳስባል» ሲለው ባለ ሱቁ ነገሩ ወደ ጠበቃ የተላለፈ ይመስለዋል። አንዳንድ ብቻቸውን የሚነግዱ ሰዎች ትልቅ ለመምሰል ሲሉ ሁልጊዜ «እኛ» ይላሉ፤ ነገር ግን የሚያውቃቸው ሰው ሱቁ ውስጥ ከእርሳቸው በቀር ማንም እንደሌለ ያውቃል። በአንጻሩ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛው ደብዳቤውን የሚጽፈው ከሆነ «እኔ» ማለት አይገባውም፤ ገንዘቡ የእርሱ አይደለምና።

በዚህ የመጀመሪያ ደብዳቤ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከአንድ ሐረግ ነው፤ እርሱም «ሲመችዎ» የሚለው ነው። ጸሐፊው ለትሕትና ያህል ይጨምረዋል፤ ባለ ዕዳው ግን የመክፈያው ቀን እንደ ተራዘመለት አድርጎ ሊከራከርበት ይችላል። ስለዚህ ልስላሴው በአጠያየቁ ይሁን እንጂ ቀኑና የገንዘቡ ልክ ከደብዳቤው አይጥፉ።

ኅዳር 30 ቀን መልስ ሳይመጣ ቢያልፍ ሁለተኛው ደብዳቤ ይጻፋል፤ ተናጋሪውም ድምፁም አብረው የሚለወጡት እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ የጠባይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አንዱ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ለሌላው ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ገንዘብ ሳይከፍል የዘገየ ባለ ዕዳም ሕጋዊውን ወለድ የሚከፍለው ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው። ይህ ወለድ በዓመት ከመቶ ዘጠኝ ነው። በ120,000 ብር ላይ ሲታሰብ በዓመት 10,800፣ በወር 900 ብር ይሆናል። በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ «ቢቻልዎ» እያሉ ስድስት ወር ጨዋ ደብዳቤ ብቻ ሲጽፉ የቆዩ ነጋዴ የ5,400 ብር ወለድ ሊያጡ ይችላሉ፤ ተስፋ መግለጥ ሁልጊዜ እንደ መጠየቅ አይቈጠርምና።

በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው «እንዲከፈል ይጠየቃል» የሚለው አጻጻፍም እዚህ ላይ ደካማ ነው። ማን እንደሚጠይቅ አይናገርም፤ ማን እንደሚከፍልም አይለይም። ሁለተኛው ደብዳቤ ቢቻል እንዲህ ይሁን፤ «በጥቅምት 30 ቀን መከፈል ከነበረበት 180,000 ብር ውስጥ 60,000 ብር ተቀብለናል። ቀሪውን 120,000 ብር እስከ ታኅሣሥ 20 ቀን እንዲከፍሉን እንጠይቃለን። ይህ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ መሆኑን እናስታውቃለን። በዚህ ቀን ካልተከፈለን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እናቀርባለን።» የሚናገረው ድርጅቱ ነው፤ የሚቈጣ ሰው በውስጡ የለም። ይኸው ማስጠንቀቂያ በ«እኔ» ተጽፎ «ከሰስኩህ» ቢል የሁለት ሰዎች ጠብ ይሆናል፤ ባለ ዕዳውም ስለ ገንዘቡ መልስ ከመስጠት ይልቅ ስለ ክብሩ መልስ መስጠት ይጀምራል። «ቃልዎን አጥፈዋል»፣ «አታለውናል» የሚሉት ቃላት በሒሳቡ ላይ አንዲት ሳንቲም አይጨምሩም።

ባለ ዕዳው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ደብዳቤው መጻፍ ያለበት ለማኅበሩ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ በስሙ ቢጠራም ዕዳው በግሉ የእርሱ አይደለም። ደብዳቤው በእጅ ሲሰጥ በቅጂው ላይ ተቀባዩ ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት፤ በፖስታ ሲላክም በአደራ ተልኮ ደረሰኙ ይቀመጥ። ወለዱ የሚቈጠረው ከማስጠንቀቂያው ቀን ስለ ሆነ ያ ቀን መታወቅ አለበት።

ማስታረቅ የሚፈልግ ነጋዴ ዕርቁን በቃላቱ ልስላሴ ሳይሆን በሚሰጠው ነገር ያሳይ። «120,000 ብሩን በአራት ወር፣ በየወሩ 30,000 ብር አድርገው ለመክፈል ቢስማሙ እንቀበላለን፤ አንዱ ክፍያ ቢያልፍ ግን የቀረው በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከብዙ ምስጋናና ሰላምታ ይልቅ ለባለ ዕዳው ይጠቅመዋል፤ ለባለ ገንዘቡም ቀኑን ያስጠብቅለታል።

ለባለ ዕዳውም ቢሆን የ«እኔ» እና የ«እኛ» ነገር ቀላል አይደለም። የደሴው ባለ ሱቅ «በየወሩ 30,000 ብር እልካለሁ» ብሎ ቢመልስ ዕዳውን አምኗል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው እምነት የይርጋውን ዘመን ያቋርጠዋል። ሱቁ የሁለት ሽርኮች ሆኖ ሁለቱም «እንከፍላለን» ብለው ቢፈርሙ ደግሞ «እኛ» ማለት እኩል እኩል ማለት አይደለም። አንድ ዕዳ ያለባቸው ሰዎች፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በሕጉ ቁጥር 1896 መሠረት በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው። ከሁለቱ አንደኛው ለብቻው 120,000 ብሩን ሊጠየቅ ይችላል። ግማሹን ብቻ ለመክፈል ያሰበ ሽርክ ይህንኑ በደብዳቤው ላይ ይጻፍ፤ ባለ ገንዘቡም ይህን መቀበሉን በጽሑፍ ይግለጥ።

ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር የሚጻጻፍ አስመጪ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። የውጭ ምንዛሪ ፈቃዱ በባንክ ዘንድ ሳያልቅ «በዚህ ወር ገንዘቡን እንልካለን» ሲል «እኛ» የሚለው ቃል ባንኩንም የሚያቅፍ ይመስላል። ይልቁንም «ማመልከቻችንን በዚህ ቀን ለባንኩ አቅርበናል፤ ፈቃዱ በተሰጠን በአምስት ቀን ውስጥ እናስተላልፋለን» ቢል በእጁ ያለውን ብቻ ቃል ይገባል። ፈቃዱ ቢዘገይ የሚጽፈው ቀጣይ ደብዳቤም የማመልከቻውን ቀንና ቁጥር ይዞ፣ ባንኩ የሰጠውን መልስ ቅጂ አያይዞ ይላካል።