ለአዲስ መራጮች የሚጻፍ መፈክር

የመራጮች ምዝገባ መፈክር አንድ ነገር ብቻ ያሳስባል፤ መመዝገብን። በኢትዮጵያ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት ቢኖረውም፣ ስሙ በምርጫ ጣቢያው መዝገብ ካልሰፈረ በምርጫው ዕለት ድምፅ አይሰጥም። ምዝገባው ደግሞ ከምርጫው ቀደም ብሎ ይዘጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጥ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ይኸው ነው። ስለዚህ «ድምፅህ ዋጋ አለው» የሚል መፈክር ያማረ ቢመስልም የጎደለው ነገር አለ፤ አድማጩን ዛሬ የት ሂድ አይለውም።

ከባዱ ነገር ገለልተኛነት ነው። «ለውጥ» ወይም «ብልጽግና» በመዝገበ ቃላት ንጹሕ ቃላት ናቸው፤ በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ ግን አንዱ የ2010 ዓ.ም. ክስተቶችን ያስታውሳል፣ ሌላው የገዢው ፓርቲ ስም ነው። ሥዕሉም እንዲሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ንብ የኢሕአዴግ ምልክት ነበረች፤ ወደ ላይ የተቀሰሩ ሁለት ጣቶች ደግሞ ቅንጅትን ያሳስቡ ነበር።

እንግዲህ የሚከተለው ለምሳሌ ይታይ፦ «18 ዓመት ሞላችሁ? ምዝገባው ሳይዘጋ በምትኖሩበት ቀበሌ ወዳለው ምርጫ ጣቢያ ሄዳችሁ ተመዝገቡ።» የብዙ ቁጥሩ «ተመዝገቡ» ወንዱንም ሴቷንም ይጠራል፤ «ተመዝገብ» ቢባል ግን ግማሾቹ ይቀራሉ። ከሥር የመዝጊያው ቀንና ይዞ መቅረብ የሚገባው ማስረጃ ይጻፋል። ረቂቁን ለመፈተን ደጋፊነታቸው ለተለያየ ወጣቶች አንብቦ «ይህን ያወጣው ማን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የአንድ ፓርቲ ስም ከተነሣ ቃሉ ይቀየራል።