ሽታው አላጠገበዎትም?

ባለጸጋው ሐፕቶም ሐሰይ ከአገልጋዩ ከአርሃ ጋር ይወራረዳል። አርሃ ያለ ልብስና ያለ እሳት ሱሉልታ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት ካደረ መሬት፣ ቤትና ከብት ያገኛል። አርሃም አንድ ሽማግሌ ከማዶ ቋጥኝ ላይ ያነደዱለትን እሳት ከሩቅ እያየ ያነጋል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃል» ብሎ ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በመጨረሻ ኃይሉ የተባለ ሰው እነዚህኑ ሰዎች ግብዣ ጠርቶ በወጥ ሽታ ብቻ ያስቀምጣቸዋል። ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው በ1950 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ይህ ተረት ሲተረክ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ለአኒሜሽን ግን የተሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው እንበል።

ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን 4,320 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም ቢቆይ እንኳ 2,160 ሥዕል መሣል ያስፈልጋል። ስለዚህ ጸሐፊው መጀመሪያ የሚቀንሰው ሰው ነው።

እሳቱን ያነደዱት ሽማግሌና ግብዣውን የጠራው ኃይሉ አንድ ሰው ይሁኑ። ያው ሰው፣ ያው እሳት፤ ሌሊት ተራራ ላይ የነደደው በኋላ ድስት ሥር ይነድዳል። ዳኛውም ይወጣል፤ ጌታው ራሱ ይፈርዳል። ይህ ኪሣራ አለው፤ ዳኛው ለባለጸጋ ያደላበት ሹፈት ይጠፋል። ሆኖም በ180 ሰከንድ ውስጥ ለችሎት የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ጊዜው እኩል አይከፈልም። ውርርዱ 25 ሰከንድ፣ ሌሊቱ 70፣ ክልከላው 20፣ ግብዣው 50፣ መዝጊያው 15። ሌሊቱ ረጅሙን ድርሻ የሚወስደው ተመልካቹ ብርዱ ካልተሰማው የጌታው ግፍ ስለማይገባው ነው። እዚያ ተራኪው ዝም ይበል፤ የጥርስ መንቀጥቀጥና ነፋስ ይበቃሉ።

አርሃ ቀጭንና ረጅም፣ ጌታው ሰፊ ካሬ፣ ሽማግሌው ዱላ ላይ የጎበጠ ቅስት ይሁኑ። ሦስቱንም በጥቁር ቀለም ሲሞሏቸው ማን ማን እንደሆነ ካልተለየ ንድፉ እንደገና ይሠራል። የጥበብ ጥለት ማራኪ ነው፤ ግን በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ መልሶ መሣሉ ያደክማል። ባዶ ጋቢ ይሻላል።

ከባዱ ነገር ሽታ ነው፤ ሽታ አይታይም። መፍትሔው ከእሳቱ ወደ አርሃ የሚመጣውን ቀጭን ቢጫ መስመር ከድስቱ ወደ ጌታው አፍንጫ በሚሄደው እንፋሎት መድገም ነው፤ ቅርጹም አቅጣጫውም አንድ ይሁን። ንድፉ ሲገጣጠም ድምፁን አጥፍቶ ተረቱን ለማያውቅ ልጅ ማሳየት ያስፈልጋል። ጌታው ለምን እንደተናደደ ካልገባው ስህተቱ ሥዕሉ ላይ ነው።

ሁለቱ መስመሮች ከተመሳሰሉ ሽማግሌው የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል፦ «ሽታው አላጠገበዎትም?» በቀሩት ሰከንዶች ባዶ ሰሃን፣ የጌታው ፊት፣ ከዚያም አርሃ ከብቶቹን እየነዳ ሲሄድ ይታያል።