27 ቆርቆሮ ለምን አይበቃም?

ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሲቀር፣ ብዙ ባለቤት ወደ ቆርቆሮ ሱቅ ይዞት የሚሄደው ስሌት አንድ መስመር ነው። የቤቱ ወለል 8 ሜትር በ6 ሜትር ከሆነ 48 ካሬ ይሆናል። አንዱ ቆርቆሮ 2 ሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው 1.8 ካሬ ነው። 48 ለ1.8 ሲካፈል 27 ቆርቆሮ ግድም ይመጣል። ሒሳቡ ስህተት የለበትም፤ የተሰላው ግን ወለሉ እንጂ ጣሪያው አይደለም። በዚህ ቤት ላይ 27 ቆርቆሮ የወጣ አናጢ አንዱን ወገን ሸፍኖ ሲጨርስ፣ ለሌላው ወገን የሚተርፈው አምስት ያህል ብቻ ነው።

የቀረውን የሚበሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከግድግዳው ወጣ የሚለው ታዛ፣ የጣሪያው ተዳፋትና ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የሚደራረብበት ቦታ።

ቤቱ ውኃውን በሁለት ወገን የሚያፈስ ነው እንበል። በአራቱም በኩል 50 ሴንቲ ሜትር ታዛ ቢወጣለት የጣሪያው ርዝመት 9 ሜትር ይሆናል። ከመካከለኛው አናት እስከ ታዛው ጫፍ ያለው አግድም ርቀት ደግሞ 3.5 ሜትር ነው። አናቱ ከታዛው ጫፍ በ1.2 ሜትር ከፍ ካለ፣ የተዳፋቱ ርዝመት በትምህርት ቤት በተማርነው የፒታጎረስ ደንብ ይገኛል። 3.5 በራሱ ሲባዛ 12.25፣ 1.2 በራሱ ሲባዛ 1.44፣ ድምሩ 13.69 ነው፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 3.70 ሜትር ይሆናል። ሒሳቡን የማይወድ ሰው ካፕሪያታው ከቆመ በኋላ ከአናቱ እስከ ታዛው ጫፍ ሜትር ቢዘረጋ ያንኑ ቁጥር ያገኛል።

ቆርቆሮው አሸንዳው ላይ እንዲያንጠባጥብ ከታዛው ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበትና የሚሸፈነው ርዝመት 3.75 ሜትር ነው። ባለ 2 ሜትር ሁለት ቆርቆሮ 4 ሜትር ስለሚሆን፣ ለመደራረቢያ 25 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር መደራረቢያ በቂ ነው፤ ጣሪያው ይበልጥ ሜዳ እየሆነ ሲሄድ ግን ውኃው ቀስ ብሎ ስለሚወርድና ነፋስ ወደ ላይ ሊገፋው ስለሚችል መደራረቢያው ማደግ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ባለቤቱ ለውበት ብሎ አናቱን ከ1.2 ወደ 1.6 ሜትር ቢያስነሳው፣ ተዳፋቱ ወደ 3.85 ሜትር ይረዝማል፤ ለመደራረቢያ የሚቀረውም 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ያኔ ወይ ሦስተኛ ቆርቆሮ መግዛት ነው፣ ወይ ክረምት ሲገባ ባልዲ መደርደር።

ወደ ጎን ያለው መደራረብ ደግሞ የሚለካው በሞገድ ነው። የተለመደው ቆርቆሮ ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው 7.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት አለው። አንድ ሞገድ ብቻ ከተደረበ፣ ነፋስ የሚገፋው ዝናብ አንዲት ጉብታ ተሻግሮ ሊገባ ይችላል። አንድ ተኩል ሲደረብ ግን መንገዱ ይረዝምበታል። አንድ ተኩል ሞገድ 11 ሴንቲ ሜትር ግድም ስለሆነ፣ 90 ሴንቲ ሜትር የነበረው ቆርቆሮ የሚሸፍነው 79 ሴንቲ ሜትር ነው። የመጨረሻው ቆርቆሮ ግን ማንም አይደረብበትምና ሙሉ ወርዱን ይሸፍናል።

9 ሜትሩ በዚህ ሲሰላ 11 ረድፍ አይበቃም፤ 11ዱ 8.80 ሜትር ደርሰው ይቆማሉ። ስለዚህ 12 ረድፍ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ቆርቆሮ፣ ሁለት ወገን ሲባዛ 48 ይሆናል። ሆኖም 12ኛው ረድፍ የሚሞላው 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የቀረው ተቆርጦ ይጣላል። በቤቱ ሁለት ጫፎች ያለው ታዛ ከ50 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ቢቀነስ ጣሪያው ልክ 8.80 ሜትር ይሆንና 44 ቆርቆሮ ይበቃል። አናጢው እንጨቱን ከመቁረጡ በፊት የተደረገች የአሥር ሴንቲ ሜትር ውሳኔ አራት ቆርቆሮ ታተርፋለች። እንጨቱ ከተመታ በኋላ ግን ይህን ሐሳብ ማንሳት ጸጸት ብቻ ነው።

ምስማሩም ቆጠራ ይወዳል። በ3.70 ሜትር ተዳፋት ላይ አምስት ሞራሌ በ90 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተጋድሞ ይመታል፦ አንዱ ታዛው ጫፍ ላይ፣ አንዱ መደራረቢያው ሥር፣ አንዱ አናቱ አጠገብ፣ ሁለቱ በመካከል። ነፋስ አጥብቆ የሚነቅለው ጫፍና መደራረቢያውን ስለሆነ፣ በእነዚህ ሦስት መስመሮች ላይ በየሁለት ጉብታው ይመታል፤ ለአንድ ረድፍ 5 ምስማር ማለት ነው። በመካከለኞቹ ሁለት መስመሮች 3 ይበቃል። በጠቅላላው ለአንድ ረድፍ 21፣ ለ11 ረድፍ 231፣ ለመጨረሻው ጠርዝ 5 ተጨምሮ 236። ለሁለቱም ወገን 472 ይሆናል። የሚጣመምና የሚወድቅ አይጠፋምና አንድ አሥረኛ ያህል ሲጨመር 520 ምስማር፣ ከነጎማው። የአናቱ መክደኛ አናት ላይ ካሉት ምስማሮች ጋር አብሮ ስለሚመታ ሌላ ምስማር አይጠይቅም።

ሱቁ ምስማር የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ በኪሎ ስንት እንደሚገባ ደግሞ በምስማሩ ርዝመትና ውፍረት ይለያያል። ስለዚህ 100 ግራም አስመዝኖ መቁጠር ይሻላል። 14 ከወጣ ኪሎው 140 ነው፤ ለ520ው 4 ኪሎ ይገዛል።

ምስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው። ውኃ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ፣ እዚያ የተመታ ምስማር ሁሉ የማፍሰሻ ቀዳዳ ነው። ጉብታው እስኪጨፈለቅ መደብደብም ጎማውን ያበላሻል። ጎማው ቆርቆሮውን ገጥሞ ሲቀመጥ መዶሻው ማቆም አለበት።

የቆርቆሮ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። የሚከተሉት ዋጋዎች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የዕለቱን ዋጋ በቦታቸው ይተካ። ቆርቆሮው በ1,000 ብር ቢገዛ፣ 44ቱ ከ2 መጠባበቂያ ጋር 46,000 ብር ነው። ምስማሩ በኪሎ 300 ብር ከሆነ 1,200፣ ጎማው በፍሬ 2 ብር ከሆነ 1,040 ብር ይመጣል። ለአናቱ ባለ 2 ሜትር መክደኛ በ15 ሴንቲ ሜትር ተደራርቦ 5 ፍሬ ይፈልጋል፤ በ600 ብር 3,000 ነው። ድምሩ 51,240 ብር። የተነገረው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን የማያካትት ከሆነ 15 በመቶው፣ 7,686 ብር፣ ይጨመርና 58,926 ብር ይሆናል። እንጨት፣ አሸንዳ፣ የመጓጓዣና የአናጢ ዋጋ ከዚህ ውጭ ነው።

ከሁለት ሱቆች ዋጋ የሚያወዳድር ሰው አስቀድሞ ጌጁን ይጠይቅ። የጌጅ ቁጥር ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሚረክሰው ብረቱ ስለሚያንስ ነው። ወርዱንም በሜትር ይለካ፤ 90 የተባለው 85 ሆኖ ከተገኘ የረድፉ ቁጥር ከነጭራሹ ይቀየራል። ሞገዱ ከሞገድ ጋር ካልገጠመ መደራረቡ ከንቱ ነውና፣ 46ቱንም ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ጊዜ መግዛት፣ ሳይቆረጥ የተረፈው እንደሚመለስም ደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ይገባል።