ሦስት ደቂቃ፣ ሁለት መቶ ቃል

የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ጨርሰው ዲፓርትመንት ለመምረጥ የተቃረቡ ተማሪዎች በትውውቅ ቀን ከአዳራሽ አዳራሽ ይዞራሉ። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በሩ ላይ ስክሪን ያቆማል፤ ተማሪው እዚያ የሚቆየው ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስለዚህ የመግቢያ ቪዲዮው ጽሑፍ የሚሠራው በሰዓት መቁጠሪያ ነው።

ቪዲዮውን የሚያዘጋጀው የምድር ሳይንስ ክፍል ነው እንበል። ተራኪው አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ጓደኛው በስልኩ ሰዓት ይይዝለታል። በተረጋጋ ድምፅ በደቂቃ 100 ቃል ካነበበ፣ ሦስቱ ደቂቃ 300 ቃል ይይዛል ማለት ነው። ሆኖም ምስሉ ብቻውን የሚታይበት፣ ተመልካቹም የሚተነፍስበት ጊዜ ያስፈልጋል። ለዚህ አንድ ደቂቃ ሲቀነስ የቀረው 200 ቃል ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም።

የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ «ትምህርት ክፍላችን ብቁና ተወዳዳሪ የሰው ኃይል በማፍራት፣ ችግር ፈቺ ምርምር በማካሄድና የማኅበረሰብ አገልግሎት በመስጠት የአገራችንን ሁለንተናዊ ዕድገት ለማገዝ የሚተጋ ነው።» ሃያ ቃል ነው፤ 12 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ 12 ሰከንድ ውስጥ ምን ምስል ይታያል? የሕንፃው ፊት ለፊት ካልሆነ በስተቀር የሚታይ ነገር አይገኝም። ዐረፍተ ነገሩ ለየትኛውም ክፍል ቢሰጥ ይስማማዋል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

የምድር ሳይንስ ክፍል ግን የሚያሳየው አያጣም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከሥር ሰርጎ በመግባቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር መሬቱ ተላቀቀ፤ አንዳንድ ቦታ ላይ የተከፈተው እስከ 8 ሜትር ደረሰ። ያንኑ 12 ሰከንድ ለዚህ ቢሰጡት ስክሪፕቱ ይህን ይመስላል፦

0:00–0:03
ምስል፦ የዳባሁ ስንጥቅ ከላይ ሲታይ። ድምፅ የለም።
ጽሑፍ፦ ዳባሁ፣ አፋር

0:03–0:12
ምስል፦ ካሜራው ወደ ስንጥቁ ጠርዝ ይቀርባል።
ድምፅ፦ «ይህ መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ። ስንጥቁን የሚለኩ፣ ምክንያቱንም የሚመረምሩ ባለሙያዎች የሚማሩት በዚህ ክፍል ነው።»
ጽሑፍ፦ መስከረም 1998 ዓ.ም.

ተራኪው ዓመቱን አልጠራም። ስክሪኑ ላይ «1998 ዓ.ም.» በአንድ እይታ ያልቃል፤ በአፍ ሲነገር ግን «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት» ስምንት ቃል ሆኖ አምስት ሰከንድ ያህል ይበላል። ቁጥሩ ለዓይን፣ ታሪኩ ለጆሮ ሲሰጥ ሁለቱ አይሻሙም። ድምፁ አንድ ነገር እየተናገረ ስክሪኑ ላይ ሌላ ረጅም ዐረፍተ ነገር ከተጻፈ ግን ተመልካቹ አንዱንም አይዘውም።

አማርኛ የራሱ ፈተናም አለው። ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም ምስሉ ቀድሞ ይቀየርና «ተሰነጠቀ» የሚለው ቃል የተማሪዎች ፎቶ ላይ ያርፋል። ተራኪው ለመድረስ ሲሮጥ ደግሞ የሚውጠው ያንኑ የመጨረሻ ቃል ነው፤ ይህም ጽሑፉ ከሰዓቱ እንደበዛ የሚያሳብቅ ምልክት ነው። መፍትሔው ቃል መቀነስ እንጂ ተራኪውን ማጣደፍ አይደለም።

የትውውቅ ቀን አዳራሽ ይንጫጫል፤ ብዙው ተመልካች ድምፁን በግማሽ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አዘጋጆቹ ቪዲዮውን አንዴ ድምፁን ዘግተው ማየት አለባቸው፤ በስክሪኑ ጽሑፍ ብቻ ክፍሉ ምን እንደሚያስተምር ካልገባቸው ጽሑፉ ይሻሻላል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሳይቸኩሉ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ መቆየት ይኖርበታል። የፊደሉ መጠንም በላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ይፈተሻል፤ ቀጭን ፊደል በፕሮጀክተር ብርሃን ሲደበዝዝ «ቡ» እና «ቢ»ን የምትለየው ትንሽ ጭረት ቀድማ ትጠፋለች። የአርትዖት ፋይሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ደግሞ ፎንቱ እዚያ ከሌለ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ለአዳራሹ መላክ ያለበት ተጠናቆ የወጣው ቪዲዮ ነው።

የመጨረሻው ሃያ ሰከንድ፣ ከ2:40 እስከ 3:00፣ ትረካ የለውም። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ይቆማል፦ የዐለት ናሙናዎቹ የሚታዩበት ላብራቶሪ የት እንዳለና እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ። ተማሪው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ለማንሳት ጊዜ ያገኛል።